የዓረፍተ ነገር ማስጀመሪያ ብቻ አይበቃም፦ በአዊ አንድ የአምስተኛ ክፍል የምንባብ ውይይት

## ዳራ

ጉዳዩ ያጋጠመው በጎጃም፣ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱም ሆነ ሰዎቹ እዚህ በስም አይጠቀሱም። ክፍሉ አምስተኛ ነው። የአብዛኞቹ ልጆች የቤት ቋንቋ አዊኛ ነው፤ ሌላውን ትምህርትም የሚማሩት በአዊኛ ነው። አማርኛ ለእነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው።

ሁለተኛ ቋንቋ ነው ሲባል ግን ከባዶ ይነሳሉ ማለት አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ይወርዳሉ፣ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ዋጋ ጠይቀው ተከራክረው ይገዛሉ። አዊኛም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ስለሆነ አብዛኞቹ የአማርኛ ምንባብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ አይቸግራቸውም። በመንገድ ዳር ካለችው ትንሽ ከተማ የሚመጡ ጥቂት ልጆች ደግሞ አማርኛን እንደ አዊኛ ሁሉ አቀላጥፈው ይናገራሉ።

መምህርቷ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ናት፤ አፍ የፈታችው በአማርኛ ነው፣ አዊኛ የምታውቀው ለሰላምታ ያህል ነው። ይህ በአካባቢው የተለመደ ነገር ነው፤ ለጉዳዩ ግን ወሳኝ ነው፤ ልጆቹ እርስ በርስ በአዊኛ ሲያወሩ ምን እንደሚሉ መስማት አትችልምና።

ለውይይቱ የቀረበው ምንባብ በአካባቢው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር የሚመለከት ነበር፤ መሬት ዲከረንስ ይተከልበት ወይስ እህል ይዘራበት የሚለውን። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው። በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ብዙ ገበሬ ማሳውን ለዚህ ዛፍ አድርጎ ከሰል ሲያከስል ቆይቷል። ምንባቡ እንዲህ ይላል፦

«ሁለት ወጣት ገበሬዎች ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው ማሳው ላይ ዲከረንስ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መሐል ጤፍ ዘራ። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ይቆርጣል፤ ከሰል ያከስላል፤ ብዙ ገንዘብ ያገኛል። ሁለተኛው ገበሬ ድንችና ገብስ ይዘራል። በየዓመቱ እህል ያገኛል። ነገር ግን በየዓመቱ ማዳበሪያ ይገዛል። የጎረቤቱ ዛፍ ማሳው ላይ ጥላ ይጥላል፤ በድንበሩ በኩል ያለው ገብስ ጥሩ አይሆንም። አንድ ቀን ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለዚህ ነገር ሊነጋገሩ ተቀመጡ።»

ምንባቡ ለውይይት የተመቸ ነው። አጭር ነው፤ ነገሩን ልጆቹ ከቤታቸው ያውቁታል፤ መጨረሻው አልተዘጋም። ግሶቹም አብዛኞቹ «ያገኛል»፣ «ይገዛል»፣ «ይጥላል» የሚሉ ቀጥተኛ ቅርጾች ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነገር በኋላ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

## ችግሩ

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የቀረቡት ጥያቄዎች በማንኛውም የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ የምናገኛቸው ዓይነት ነበሩ፦ «በሁለቱ አርሶ አደሮች የመሬት አጠቃቀም መካከል ያለውን ልዩነት አነጻጽራችሁ ግለጹ»፤ «የመጀመሪያው አርሶ አደር የወሰደው ውሳኔ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት አብራሩ»። ተማሪዎቹ በአምስት በአምስት ተቧድነው እንዲወያዩ ተነገራቸው።

የሆነው ነገር ይህን ክፍል ለሚያውቅ ሁሉ አዲስ አይደለም። ቡድኖቹ በአዊኛ ሞቅ አድርገው ተወያዩ። ሪፖርት ሲደርስ ከየቡድኑ የተነሱት የከተማዎቹ ልጆች ብቻ ነበሩ። ሌላ ልጅ ሲጠራ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከምንባቡ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ያነብባል። «አብራሩ» ለሚለው ጥያቄ አንድ ልጅ «ዛፉን ይቆርጣል» ብሎ ተቀመጠ።

መምህርቷ መጀመሪያ የገመተችው ምንባቡ ከበዳቸው ብላ ነው። ያ ግምት ትክክል ቢሆን መፍትሔው ሌላ ምንባብ መፈለግ በሆነ ነበር። ከመለወጧ በፊት ግን የአዊኛ መምህሩን ክፍል ገብቶ ያንኑ ጥያቄ በአዊኛ እንዲጠይቅላት ለመነችው። ልጆቹ ያለማቋረጥ መለሱ። ጥላ ገብሱን እንደሚያቀጭጭ፣ ዲከረንስ ያለበት ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው ቆይቶ በአንድ ጊዜ ስለሆነ እስከዚያ ምን እንደሚበላ፣ ከሰል ሲከሰል ሌሊት ጠባቂ እንደሚያስፈልግ ሁሉ አነሱ። ምንባቡ ገብቷቸዋል፤ እንዲያውም ምንባቡ ያላለውን ጨምረዋል።

ቀጥሎ ጥያቄውን በአማርኛ እንደተጻፈ አንብበው «የተጠየቃችሁት ምንድን ነው?» ተባሉ። በአዊኛ እንዲያስረዱ ተፈቅዶላቸው እንኳ ብዙዎቹ አልቻሉም። «አነጻጽራችሁ»፣ «መካከል ያለውን»፣ «ሊያስከትል የሚችለውን» የሚሉት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ስለዚህ አንዱ እንቅፋት ጥያቄው ራሱ ነው። ጥያቄው በአዊኛ ተተርጉሞላቸው መልሱን ግን በአማርኛ እንዲሉ ሲጠየቁ ደግሞ አንድ ሁለት ቃል ተናግረው ቆሙ፤ «ገንዘብ»፣ «ጥላ»። ሁለተኛው እንቅፋት የመልሱን ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው።

ይህ ምርመራ ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያነሰ ነው የወሰደው። ብዙ ጊዜ ሦስቱ ነገሮች (ምንባቡ አለመግባቱ፣ ጥያቄው አለመግባቱ፣ መልሱን መናገር አለመቻሉ) በአንድ ላይ «አማርኛ አይችሉም» ተብለው ይታለፋሉ። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

## የመጀመሪያው እርምጃ፦ ጥያቄዎቹን እንደገና መጻፍ

ሁለቱ መምህራን አብረው ተቀምጠው ጥያቄዎቹን በተኑ። አማርኛ ለጀማሪ የሚያስቸግርበት አንድ ጠባይ አለው፤ ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት ይደረደራል፣ ማሰሪያው፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «የመጀመሪያው አርሶ አደር የወሰደው ውሳኔ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት አብራሩ» ሲባል ልጁ ምን እንደተጠየቀ የሚያውቀው የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ ሰባት ስምንት ቃል ተሸክሞ መቆየት አለበት። አዊኛም ግስን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ቅደም ተከተሉ እንግዳ አይሆንባቸውም። የሚከብዳቸው ሸክሙና የማያውቋቸው ቃላት ናቸው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቅ ተደረገ። «የ...» እና «ሊ...» እያሉ የሚረዝሙት ወደ አጭር ዓረፍተ ነገር ተመለሱ። የጥያቄው ግስም ከምንባቡ ተወሰደ። ምንባቡ «ተከለ» ካለ ጥያቄውም «ምን ተከለ?» ይላል እንጂ «የትኛውን ተክል መረጠ?» አይልም። «አርሶ አደር» ወደ ምንባቡ «ገበሬ» ተመለሰ። የንጽጽሩ ጥያቄ እንዲህ ተከፈለ፦ «አንደኛው ገበሬ ምን ተከለ? ሁለተኛው ምን ይዘራል? ቶሎ የሚያገኘው ማን ነው? ብዙ ገንዘብ የሚያገኘው ማን ነው? የቱ ይሻላል? ለምን?»

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ከመጠን በላይ የማቅለል ነገር ታይቶ ነበር። «ዲከረንስ ጥሩ ነው?» የሚል ጥያቄ ገብቶ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አዎ» አሉ፤ ውይይቱም እዚያ ላይ አለቀ። መለያው ቀላል ነው። ጥያቄው በ«አዎ» ወይም በ«አይ» ካለቀ፣ ወይም መላው ክፍል አንድ መልስ ከሰጠ፣ የቀለለው ቃሉ ሳይሆን ሐሳቡ ነው። «የቱ ይሻላል? ለምን?» ከዚያ ጥያቄ በቃል አይከብድም፤ መልሱ ግን ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል።

የጾታ ነገርም ነበር። «አንተ ብትሆን ምን ትተክላለህ?» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ሴቶቹ ልጆች ራሳቸው አልተጠየቁም፤ ሁለቱንም ቅርጽ መጻፍ ደግሞ ሰሌዳውን ያጨናንቃል። «እናንተ ብትሆኑ ምን ትተክላላችሁ?» ሁሉንም ያዳርሳል። መልሱ በ«እኔ» ስለሚመጣ እዚያም የጾታ ልዩነት የለም፤ ወንዱም ሴቷም «እተክላለሁ» ነው የሚሉት።

ጥያቄዎቹ ሲስተካከሉ ዝምታው ቀነሰ፤ መልሱ ግን ከአንድ ቃል አልዘለለም። «የቱ ይሻላል?» «ድንች።» «ለምን?» «እህል።»

## ሁለተኛው እርምጃ፦ ማስጀመሪያዎቹ ለምን አልሠሩም

ለዚህ ሰሌዳው ላይ የዓረፍተ ነገር ማስጀመሪያ ተጻፈ፦ «እኔ እንደማስበው...»፣ «ምክንያቱም...»፣ «እኔ አልስማማም፣ ምክንያቱም...»። የእንግሊዝኛ መምህራን በሥልጠና የሚያገኙት ዓይነት ነው፤ ወደ አማርኛ ተመልሶ መጣ።

ውጤቱ «እኔ እንደማስበው ድንች።» «ምክንያቱም ገንዘብ።» ሆነ። አንድ ልጅ «እኔ እንደማስበው» ብሎ ቆሞ ወደ ሰሌዳው እያየ ቀረ።

ይህ የልጆቹ ድክመት አይደለም፤ የማስጀመሪያው ነው። በእንግሊዝኛ «እኔ አስባለሁ» የሚለው ክፍል ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ስለሚመጣ ማስጀመሪያው ከባዱን ሥራ ሠርቶ ቀላሉን ለተማሪው ይተዋል። በአማርኛ ግን ሐሳብን፣ ምክንያትን፣ ሁኔታን የሚይዘው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ «...ብዬ አስባለሁ»፣ «ስለ...ነው»፣ «...ነበር»። መጀመሪያውን ብቻ ጽፎ መስጠት ቀላሉን ሰጥቶ ከባዱን መንፈግ ነው። አማርኛ አፍ የፈታንበት ሰዎች ይህን የምናስተውለው ከስንት አንዴ ነው፤ ማሰሪያው ሳናስበው ይመጣልናል።

## ሦስተኛው እርምጃ፦ ራስና ማሰሪያ ያለው ቅጽ

ቀጥሎ የተሠራው መጨረሻው የተጻፈለት፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ቅጽ ነው። ሁሉም ክፍት ቦታ ግን እኩል አይደለም። መምህራኑ ቅጾቹን የደረደሩት በአንድ መለኪያ ነው፦ ከምንባቡ የተወሰደው ቃል ክፍት ቦታው ውስጥ ለመግባት ምን ያህል መለወጥ አለበት?

ምንም የማይለወጥበት፣ ስም ብቻ የሚገባበት ቅጽ ቅድሚያ አገኘ፦

«ከ______ ይልቅ ______ ይሻላል።»
«እኔ ብሆን ______ እተክላለሁ።»

«ከድንች ይልቅ ዲከረንስ ይሻላል» ለማለት ልጁ ሁለት ስም ብቻ ማወቅ ይበቃዋል። ከባዱ «ብሆን» ቅጹ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ ይጠቀምበታል።

ቀጥሎ ግስ ሳይለወጥ እንዳለ የሚገባበት መጣ፦

«______ ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም (ማን?) ______ (ምን ያደርጋል?) ______።»

«ብዬ አስባለሁ» የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። «ይመስለኛል» ብንል ልጁ «ይሻላል»ን ወደ «የሚሻል» መቀየር ይኖርበታል፦ «ድንች የሚሻል ይመስለኛል»። በ«ብዬ አስባለሁ» ፊት ግን ሙሉው ዓረፍተ ነገር ሳይነካ ይቆማል። «ምክንያቱም»ም ተመልሶ የመጣው «ምን ያደርጋል?» የሚል ምልክት ተጨምሮለት ነው። ምልክቱ ስም ብቻ እንደማይበቃ ይነግረዋል። ግሱን ከምንባቡ ያነሳዋል፦ «ድንች ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ምክንያቱም ገበሬው በየዓመቱ እህል ያገኛል።» የምንባቡ ግሶች ቀጥተኛ መሆናቸው የጠቀመው እዚህ ላይ ነው።

መጨረሻ የመጣው ግሱ የሚለወጥበት ነው፦

«______ ስለ______ ነው።»

እዚህ ስሕተቱ ወዲያው ታየ። «እህል ስለ ያገኛል ነው»፤ «ገብሱ ስለ አይሆንም ነው»። ሌሎች ደግሞ «ስለ ገንዘብ ነው» ብለው ስም አስገቡ፤ ይህ ምክንያት መናገሩ ቀርቶ የወሬውን ጉዳይ መጥቀስ ሆነ። «ስለ» እና «ያገኛል» ሲገናኙ «ስለሚያገኝ» እንደሚሆኑ፣ አፍራሹ «አይሆንም» ደግሞ «ስለማይሆን» እንደሚሆን በሕግ ማስረዳት ተሞከረ፤ ክፍለ ጊዜውን በላ፣ ውይይቱም ተረሳ። የሠራው የተዘጋጁ ግሶችን ዝርዝር ከቅጹ አጠገብ መጻፍ ነው። በግራ የምንባቡ ግስ፣ በቀኝ የቅጹ ግስ ሆነው ስድስት ተጻፉ፦

ያገኛል → ስለሚያገኝ
ይገዛል → ስለሚገዛ
ይጥላል → ስለሚጥል
ይቆርጣል → ስለሚቆርጥ
አይሆንም → ስለማይሆን
ተከለ → ስለተከለ

ከስድስት ሲበልጥ ልጆቹ ዝርዝሩ ውስጥ መፈለግ ላይ ተጠመዱ፤ ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ቀርቶ ከጓደኛቸው ጋር መነጋገሩን ተዉት።

ከእነዚህ ሌላ ውይይቱን የሚያስኬዱ ጥቂት ቅጾች ተጨመሩ። ለመስማማት «ከ______ ጋር እስማማለሁ»፣ ላለመስማማት «እኔ ግን ከ______ ጋር አልስማማም» ተባለ፤ ክፍት ቦታው ውስጥ የጓደኛው ስም ይገባል። «ከአንተ ጋር»፣ «ከአንቺ ጋር» እየተባለ ይሳሳቱ የነበረው በዚህ ቀረ፤ ስም ከተጠራ ጾታን መምረጥ አያስፈልግም። ለማስደገም ግን ማምለጫ የለውም፤ ለወንድ ጓደኛ «ድገምልኝ»፣ ለሴት «ድገሚልኝ»፣ ለመምህር «ይድገሙልኝ» ሦስቱም ተጽፈው ተሰቀሉ። ልጆቹ ቀድመው በቃላቸው የያዙት «ይድገሙልኝ»ን ነው።

## ክፍለ ጊዜው እንዴት ተከፋፈለ

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህርቷ ምንባቡን አንድ ጊዜ ታነባለች፤ ልጆቹ ደግመው ያነባሉ። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ይጻፍና ሁለት ሁለት ሆነው ለሦስት ደቂቃ ያህል በአዊኛ ይነጋገሩበታል። ይህ ክፍል መጀመሪያ ላይ በርእሰ መምህሩ ዘንድ ጥያቄ አስነስቶ ነበር፤ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ አዊኛ ለምን ተብሎ። ምክንያቱ ሐሳብ መፈለግና ዓረፍተ ነገር መሥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው፤ አንዱን በሚችሉት ቋንቋ ከጨረሱ ለሌላው ጉልበት ይተርፋቸዋል።

ቅጹ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው እንጂ ከጥያቄው ጋር አብሮ አይደለም። አብሮ ሲጻፍ ልጆቹ ማሰባቸውን ትተው ክፍት ቦታ መሙላት ይጀምራሉ። ቅጹ ከተጻፈ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ መልሱን ለዴስክ ጓደኛው በአማርኛ ይለዋል፤ ከዚያ ነው ለክፍሉ የሚነገረው። መምህርቷ ጠይቃ ስም ከመጥራቷ በፊት በልቧ እስከ አሥር ትቆጥራለች። ስሙን ቀድማ ስትጠራ ሌሎቹ ማሰብ ያቆማሉ።

እርማቱም ተቀየረ። ቀድሞ «ስለ ያገኛል» ሲባል መሐል ላይ ቆማ ታርም ነበር፤ ልጁም ይቀመጣል። አሁን ዓረፍተ ነገሩን አስጨርሳ፣ አስተካክላ ራሷ ትደግመዋለች፦ «አዎ፣ በየዓመቱ እህል ስለሚያገኝ ነው። ሌላስ?»

## የተገኘው ውጤት

የአንዱ ቡድን ንግግር ለውጡን በደንብ ያሳያል። ከተናገሩት ሦስት ልጆች አንዳቸውም የከተማ ልጅ አልነበሩም።

አንድ ወንድ ልጅ ጀመረ፦ «ከዲከረንስ ይልቅ ድንች ይሻላል።» አጠገቡ ያለችው ልጅ «ለምን?» አለችው። «በየዓመቱ እህል ስለሚያገኝ ነው።» እሷ ቅጹን እያየች፦ «እኔ ግን ከእሱ ጋር አልስማማም። ማዳበሪያ ስለሚገዛ ነው።» ሦስተኛዋ ልጅ ቤተሰቧ ከሰል ያከስላል። ትንሽ ቆይታ «ድንች ይሻላል ብዬ አስባለሁ። የከሰል ጭስ ዐይን ስለሚያቃጥል ነው» አለች።

«ስለሚያቃጥል» ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምንባቡ ውስጥም የለም። ራሷ ናት የሠራችው። የቅጹ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው እንዲህ ባለ ነገር ነው፤ ያልተሰጠ ግስ በተሰጠው መልክ ሲመጣ። መምህርቷ ከዚህ በኋላ የምትመዘግበው ስንት ልጅ እጁን እንዳወጣ ሳይሆን ከዝርዝሩ ውጪ የመጡትን ግሶች ነው።

## ያልሠራው

ቅጹ ያመጣው የራሱ በሽታ አለ። «ከ... ይልቅ ... ይሻላል» በጣም ቀላል ስለሆነ ልጆቹ ስም እየቀያየሩ ይደረድሩት ጀመር፤ «ከገብስ ይልቅ ጤፍ ይሻላል»፣ «ከጤፍ ይልቅ ድንች ይሻላል»። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። የተጨመረው መድኃኒት ከምንባቡ ማስረጃ የሚያስጠራ ሌላ ቅጽ ነው፦ «ምንባቡ ‹______› ይላል።» አስተያየት የሰጠ ሁሉ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ያነብባል። ከምንባቡ ውጪ የሆነውን ደግሞ «በእኛ አካባቢ ______» ብሎ ይጀምራል፤ የጭሱ መልስ ከዚህ ወገን ነው። ሁለቱን መለየት ለልጆቹ ራሱ ትምህርት ሆኗል።

አቀላጥፈው የሚናገሩት የከተማ ልጆች ቅጹ አሰለቻቸው። ነፃ ሆነው ይናገሩ ሲባል ደግሞ ወሬውን ጠቅልለው ያዙት። የጠያቂነት ሥራ ሲሰጣቸው ተረጋጋ፤ እነሱ የሚሉት «ለምን?»፣ «ምንባቡ የት ላይ ይላል?»፣ «ሌላ የማይስማማ አለ?» ብቻ ነው። መልስ የሚሰጡት መጨረሻ ላይ ነው።

ፊደል በደንብ ያልለዩ ጥቂት ልጆች ነበሩ። ለእነሱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቅጽ ሌላ የሚነበብ ነገር ነው እንጂ ድጋፍ አይደለም። በቃል ከጓደኛቸው እየሰሙ ሲደግሙ ተሳትፈዋል፤ ችግራቸው ግን በዚህ መንገድ አይፈታም፤ የንባብ ማካካሻ ነው የሚፈልጉት።

የሚቀጥለው ምንባብ ስለ አንዲት አሮጊት ነበር፤ «እማማ ከገበያ ጤፍ ይገዛሉ» ይላል። በአክብሮት የመጣውን «ይገዛሉ» ብዙ ልጆች የብዙ ሰዎች አድርገው ተረዱት፤ «ስንት ሰዎች ናቸው?» ብሎ የጠየቀም አለ። የግሱ ዝርዝርም ተቀየረ፤ «ስለሚገዛ» ሳይሆን «ስለሚገዙ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባለታሪኮቹ ወጣት የሆኑባቸው ምንባቦች ተመረጡ፤ የአክብሮቱ ቅርጽ ለብቻው ቆይቶ መጣ።

ትልቁ ችግር ግን ከክፍሉ ውጪ ነው። ፈተናው አሁንም «አነጻጽሩ»፣ «አብራሩ» ይላል። በቀላል ጥያቄ የሠለጠኑት ልጆች ፈተና ላይ ቃሉን ሲያዩ ተመልሰው ደነገጡ። ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው ከቀላሉ ጥያቄ አጠገብ አንድ የፈተና ቃል በቀይ ጠመኔ ይጻፋል፤ «የቱ ይሻላል? በምን?» ከሚለው አጠገብ «አነጻጽሩ»፣ «ምን ጉዳት ያመጣል? እንዴት?» ከሚለው አጠገብ «አብራሩ»። የረዘሙት የፈተና ጥያቄዎች አሁንም ያስቸግሯቸዋል።

## ድጋፉ እንዴት ተነሳ

ቅጹ ተሰቅሎ ከቀረ ልጆቹ ሁልጊዜ እያዩት ይናገራሉ። መምህርቷ መጀመሪያ የከለለችው ማሰሪያውን ነበር፤ በወረቀት ሸፈነችው። ወዲያው «ምክንያቱም ገንዘብ» ተመልሶ መጣ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ የሚነሳው የዓረፍተ ነገሩ ራስ ነው፤ «እኔ» እና «ምክንያቱም» ያለ ድጋፍ ይመጣሉ። ቀጥሎ የግሶቹ ዝርዝር ከስድስት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ ባዶ ይወርዳል። ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ይነሳል። «ስለ ያገኛል» የሚል ከአንድ በላይ ልጅ ከተሰማ ዝርዝሩ ለዚያ ቀን ይመለሳል።

## ለሌላ ክፍል የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ በቀጥታ የሚወሰደው የዝግጅቱ አካሄድ ነው። መምህሩ ጥያቄ ከመጻፉ በፊት አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሊሰጥ የሚችላቸውን ሦስት የተለያዩ መልሶች በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ሦስቱም በአንድ ማሰሪያ የሚያልቁ ከሆነ ያ ማሰሪያ ቅጹ ይሆናል። በሦስት የተለያየ ማሰሪያ የሚያልቁ ከሆነ ጥያቄው ከአንድ በላይ ነገር እየጠየቀ ነውና ይከፈላል። ሦስት የተለያየ መልስ ካልተገኘለት ደግሞ ጥያቄው የሚያወያይ አይደለም። ከዚያ ግሶቹን አይቶ የትኞቹ ሳይለወጡ እንደሚገቡ፣ የትኞቹ ዝርዝር እንደሚያስፈልጋቸው ይለያል። ለአንድ ምንባብ ይህ ሥራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አዊኛ የሚያውቅ ባልደረባ አብሮ ሲቀመጥ ያጥራል፤ ልጆቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ አስቀድሞ ይነግራልና።

በዚያው ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህሩ ሐሳቡን ሲወስድ ቅጹን ገልብጦ ነው የተጠቀመው። እዚያ የመጀመሪያው ክፍል ይበቃል፤ ማሰሪያ ማስቀመጥ አያስፈልግም። አዊኛና አማርኛ ግስን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርጉ እንግሊዝኛ ላይ ልጆቹ የሚሳሳቱት የግሱ ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ ግሱ ከባለቤቱ ቀጥሎ የተጻፈበት ቅጽ ይሰጣቸዋል።

አካሄዱ ለተረትና ምሳሌ እና ለግጥም አልሠራም። «ምን ማለት ነው?» ለሚል ጥያቄ የሚጠበቀው መልስ በአንድ ማሰሪያ አያልቅም፤ የምንባቡ ግስም መልሱ ውስጥ አይገባም። ለእነዚህ መምህርቷ ቅጹን ትታ ልጆቹ በአዊኛ ያላቸውን ተመሳሳይ አባባል እንዲያመጡና ሁለቱን እንዲያስተያዩ ታደርጋለች።